የመቶ ዓመት የታሪክ ጥያቄ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«መምህር፣ ‹ከ1861 እስከ 1964 የሩሲያ ገበሬ ኑሮ ምን ያህል ተለወጠ፣ ምንስ ሳይለወጥ ቀጠለ?› የሚል ጥያቄ ቢመጣ፣ ለውጦቹን በየመሪው ደርድሬ ያልተለወጠውን መጨረሻ ላይ በአንድ አንቀጽ ባክልበት አይበቃም?»

አይበቃም። በየዓመቱ ይህንኑ እጠየቃለሁ፤ ደግሜ ከመመለስ ጽፌ ልገላገል። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

«በየመሪው መደርደር መልስ ነው።» ያ የነገሥታት ዜና መዋዕል ነው። አንድ ጊዜ ያረምኩት ወረቀት ከዳግማዊ አሌክሳንደር እስከ ክሩሽቾቭ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሳሳት ሁሉንም ዘርዝሯል፤ ገበሬው ግን የተነሳው ሦስት ቦታ ብቻ ነው። ጥያቄው የማኅበራዊ ኑሮ ስለሆነ ክሩ የሚመዘዘው ከገበሬው በኩል ነው፦ መሬቱ የማን ነው? እህሉን ማን ይወስድበታል? ከመንደሩ መውጣት ይችላል? ፊደል ቆጥሯል? እያንዳንዱን ክር መቶውን ዓመት አሻግራችሁ ጎትቱት፤ አንቀጻችሁ ያ ነው።

«ግማሹን ለለውጥ፣ ግማሹን ለቀጣይነት መስጠት አለብኝ።» ማን አለ? ማንበብና መጻፍን ብትወስዱ ከሞላ ጎደል ሁሉም ለውጥ ነው፤ ከ9 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካለው ሕዝብ የተማረው በ1897 ቆጠራ 28 በመቶ ገደማ ሲሆን በ1939 ወደ 87 በመቶ ደርሷል።

«ቀጣይነት ማለት ምንም ያልተፈጠረበት ነገር ነው።» እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው። ተማሪው «ገበሬው መቶ ዓመት ሙሉ ታስሮ ኖረ» ብሎ ይጽፍና ያለፈ ይመስለዋል። እስቲ የመንቀሳቀስ መብትን ክር እንከተል።

በ1861 ገበሬው ከባለርስቱ ባለቤትነት ነፃ ወጣ። ለተሰጠው መሬት ግን ለመንግሥት በ49 ዓመት የሚያልቅ የመዋጃ ዕዳ ተጣለበት። ዕዳውንና ግብሩን የሚከፍለው የመንደሩ ማኅበር በጋራ ስለነበር አንድ ሰው ጥሎ ቢሄድ ድርሻው በጎረቤቶቹ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ያለ ማኅበሩ ፈቃድ የጉዞ ወረቀት አያገኝም። ገመዱ አልተበጠሰም፤ ከጌታው እጅ ወደ ጎረቤቱ እጅ ተላለፈ።

ከ1905ቱ አብዮት በኋላ ግን በእርግጥ ላላ። በ1906 ገበሬው እንደሌላው ሰው የጉዞ ወረቀት እንዲያወጣ ተፈቀደለት፤ የመዋጃ ዕዳውም ከ1907 ጀምሮ ተሰረዘ። «መቶ ዓመት ሙሉ ታስሮ» የሚለው ዓረፍተ ነገር የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው።

ከ1929 በኋላ መሬቱ ወደ ጋራ እርሻ ተጠቃለለ። በ1932 መጨረሻ የአገር ውስጥ ፓስፖርት ሲታወጅ ለከተሜው ተሰጠ፣ የጋራ እርሻው ገበሬ በአብዛኛው ተከለከለ። ወጥቶ ለመሥራት የእርሻውን አስተዳደር ፈቃድ መለመን ነበረበት። ገበሬዎቹ የኮሚኒስት ፓርቲውን ምኅጻረ ስም፣ «ቬካፔ»ን፣ በሩሲያኛ ፊደሎቹ «ሁለተኛው ባርነት» እያሉ ይተረጉሙት የነበረው በከንቱ አይደለም። ፓስፖርት ለሁሉም እንዲሰጥ የተወሰነውም በ1974፣ ከጥያቄያችን ዘመን ውጭ ነው።

ታዲያ የቀጠለው ምንድን ነው? እስራቱ ራሱ አይደለም፤ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ላልቷልና። የቀጠለው ምክንያቱ ነው፦ መንግሥት ግብሩን፣ እህሉንና ጉልበቱን በቅርብ መያዝ ፈለገ። መሣሪያው ሲሰበር ሌላ መሣሪያ ሠራ። ቀጣይነትን እንዲህ ስትጽፉት የሚብራራ ነገር ይሆናል፤ ለውጡም እዚያው አንቀጽ ውስጥ ይገባል፣ መጨረሻ ላይ የሚለጠፍ ጭራ አይሆንም።

እዚህ ላይ ግን ሌላ ጉድጓድ አለ። ተመሳስሎ አንድነት አይደለም። ዛሩም ስታሊንም ገበሬው እየተራበ እህል ወደ ውጭ ሸጠዋል፤ በ1891 ረሃብ ጊዜ ግን መንግሥት ዘግይቶም ቢሆን ወደ ውጭ መላኩን አቁሟል፣ ዕርዳታም በይፋ ተሰብስቧል። በ1932 እና 33 ረሃቡ ራሱ ተካደ፤ የሞተውም በሚሊዮን የሚቆጠር ነው። «ያው ነው» ብሎ ማለፍ ነጥብ ያስቆርጣል፣ ሲያስቆርጥም ይገባዋል።

«ስታሊን ሲሞት ታሪኩ አለቀ።» ጥያቄው 1964 ካለ 1964 ነው። 1953 ላይ እስክሪብቶ የሚጥል ተማሪ አሥራ አንድ ዓመት ባዶ ይተዋል። በዚያው በመጨረሻው ዓመት የጋራ እርሻ ገበሬዎች የጡረታ ሕግ ወጥቷል። ለውጥ ነው? አዎ፣ ትልቅ ነው። የፋብሪካ ሠራተኛው ግን የራሱን ሕግ በ1956 አግኝቷል፣ አበሉም ከገበሬው ይበልጥ ነበር። አንዱ ሕግ በለውጥም በቀጣይነትም ዓምድ ይገባል፤ ተማሪዎቼ ግን አንዱ ጋ ብቻ ይጽፉታል።