ተመላሽነት ምንድን ነው? በድጅኖ መነሳት አይደለም

ሰሞኑን በአንድ አሮጌ ቤት መግቢያ ላይ ለዊልቸር መውጫ ስለፈሰሰ የኮንክሪት ራምፕ ሰዎች ሲከራከሩ አንድ አስተያየት ሰጪ ጉዳዩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋው፦ «ተመላሽ ሥራ ነው፤ ነገ ካልተፈለገ በድጅኖ ይነሳል።» ይህንኑ አባባል በስብሰባም፣ በፕሮጀክት ሰነድም፣ በቢሮ ደብዳቤም አግኝቼዋለሁ። በድጅኖማ ቤቱም ይነሳል።

በቅርስ ጥበቃ ሙያ ተመላሽነት የሚመረመረው የተጨመረው ነገር ከተነሳ በኋላ በሚቀረው ቤት ላይ ነው። ራምፑ ተነሳ እንበል፤ ደረጃው፣ ግድግዳው፣ ወለሉና ከሥራቸው ያለው መሬት እንደ ነበሩ ተገኙ? የቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎች ማኅበር የሆነው የአውስትራሊያ ኢኮሞስ ያወጣው የቡራ ቻርተር የቦታውን ባህላዊ ፋይዳ የሚቀንስ ለውጥ ተመላሽ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ሁኔታው ሲፈቅድም በእርግጥ እንዲመለስ ይላል። ሁለተኛውን ግማሽ የሚያነብ ጥቂት ነው።

ጋን መዋስን አስቡ። ለድግስ ጋን ከጎረቤት ተውሳችሁ ጠላ ጠምቃችሁበት፣ አጥባችሁ፣ በወይራ አጥናችሁ ብትመልሱ ዕዳችሁ አለቀ። ላምባ አስቀምጣችሁበት ብትመልሱስ? ጋኑ አልተሰበረም፣ ጆሮውም አልወለቀም። ግን ሸክላ ይጠጣል፤ ላምባውን ጠጥቶታልና ወይራ ቢታጠን ጠላ አይወጣውም። የድሮ የድንጋይ ግንብም እንዲሁ ይጠጣል። በጭቃ ወይም በኖራ የተያያዘ ግንብ ከመሬት እርጥበት ይስባል፣ በገጹ ደግሞ ያተነዋል። ሲሚንቶ ስታስጠጉበት መተንፈሻው ይዘጋና እርጥበቱ ወደ ላይና ወደ ውስጥ ይሄዳል። ከሃያ ዓመት በኋላ ኮንክሪቱን ስትፈነቅሉ የድንጋዩ ገጽ አብሮ ይላጣል፤ የቀረውም ጨው ያዘለ ነው። ምሳሌው እዚህ ላይ ትንሽ ያነክሳል፤ የጋኑን ባለቤት ይቅርታ መጠየቅ ይቻላል፣ የቤቱ አዋሾች ግን ገና አልተወለዱም።

አንድ ቤት ልውሰድ። አዲስ አበባ ውስጥ የለካሁት ነው፦ ባለ አንድ ፎቅ፣ የድንጋይ መሠረት፣ የጭቃ ማያያዣ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ የእንጨት ወለል፣ ከፊት የእንጨት በረንዳ። የመግቢያው ወለል ከግቢው 72 ሳንቲሜትር ከፍ ይላል። አንድ ለአሥራ ሁለት የሚባለውን፣ ማለትም ለአንድ ከፍታ አሥራ ሁለት ርዝመት ያለውን ተዳፋት ብንይዝ መውጫው ብቻ 8 ሜትር ከ64 ይሆናል። ከላይ፣ ከታችና በመታጠፊያው ላይ አንድ ሜትር ተኩል ማረፊያ ስንጨምር ከ13 ሜትር ያልፋል። ግቢው ሰባት ሜትር ስፋት ስላለው መታጠፉ ግድ ነው። (ተዳፋቱን አሹሎ ማሳጠር የሚወድ ሁሉ በመጀመሪያ ዊልቸር ላይ ተቀምጦ ይሞክረው። ማንም የማይወጣው ራምፕ ቅርስም አላዳነ፣ ሰውም አላስገባ።)

የመጀመሪያው ሐሳብ ግቢውን በአፈር ሞልቶ ከፍታውን መቀነስ ነበር። ሲያዩት ያምራል፣ ራምፕም አይመስልም። ነገር ግን በመሠረቱ ላይ ከወለሉ በታች መዳፍ የሚያህሉ ቀዳዳዎች አሉ። ብዙ ሰው የአይጥ መግቢያ ይላቸዋል፤ የእንጨቱን ወለል በአየር የሚያደርቁት እነሱ ናቸው። አፈሩም ሆነ ከግንቡ ጋር የተጣበቀ ኮንክሪት ይደፍናቸዋል። ያን ጊዜ የወለሉ ተሸካሚ እንጨት መበስበስ ይጀምራል፣ ይህም ከላይ አይታይም። ምልክቱ ሲረገጥ የሚነጥር ወለል፣ ጠዋት በር ሲከፈት የሚመጣ የሻጋታ ሽታ፣ በግድግዳው ላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ ነጭ ጨው ነው። ካቻቪቴ ይዛችሁ በግድግዳው ሥር ያለውን አግዳሚ እንጨት ውጉት፤ እንደ ዳቦ ከገባ ቀዳዳዎቹን የዘጋ ሰው አለ ማለት ነው።

ስለዚህ ራምፑ ከብረት ሆነ፤ ከግንቡ አንድ ክንድ ርቆ በራሱ እግር የቆመ። እግሮቹ የተቀመጡት በተዘጋጁ ጠፍጣፋ ንጣፎች ላይ ነው፤ ከንጣፎቹ በታች አሸዋ፣ ከአሸዋው በታች ውሃ የሚያሳልፍ መለያ ጨርቅ አለ። የድሮውን ደረጃ የሚነካ የለም፤ ከላይኛው ማረፊያ ወደ በረንዳው የሚያሻግረው አንድ የብረት ሳህን ነው፣ አልተቸነከረም፣ ተጋድሟል። መግቢያውም ዋናው በር እንጂ በጓሮ፣ በማድ ቤት በኩል አይደለም።

ወደ ፎቁ የሚያወጣውን ሊፍት መትከል ግን የበለጠ አስቸጋሪ ነበር። የተለመደው ሊፍት ከሥሩ ከአንድ ሜትር በላይ ጉድጓድ ይፈልጋል፤ በጭቃ የተያያዘ መሠረት አጠገብ ያን ያህል መቆፈር ቤቱን ድጋፍ መንሳት ነው። ጥልቅ ጉድጓድ የማይፈልገውን ዝግ ብሎ የሚወጣ የመድረክ ሊፍት መረጥንና ማማውን ከቤቱ ጀርባ ለብቻው አቆምነው። በማማውና በግድግዳው መካከል አጭር ድልድይ አለ፣ ክብደቱም በማማው ላይ ነው። ሕንፃውና ማማው ለየብቻቸው እንዲንቀሳቀሱ የተተወው የሦስት ሳንቲሜትር ክፍተት በብረት ሳህን ተሸፍኗል። ግን ፎቁ ላይ ለመግባት በር ያስፈልጋል፤ አንዱን መስኮት በር ለማድረግ ደፉን ቆርጠን አወረድነው።

ይህኛው ተመላሽ አይደለም፤ በሰነዱም ላይ እንዲሁ ጻፍኩት። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ድንጋዮቹን ካስቀመጥን ተመላሽ ማለት እንችላለን» ቢለኝም አልተስማማሁም። መልሰን ብንገነባው ድንጋዩ የዱሮው፣ ግንቡ የኛ ይሆናል። ቢሆንም መቆረጥ ነበረበት፤ ከመስኮቶቹ ሁሉ በጣም የተጎዳው፣ ቀድሞም አንዴ የተቀየረው እሱ ነበር።

«ተመላሽ ነው» የሚለው ቃል ፈቃድ ማውጫ ሲሆን ምን እንደሚመጣ ለማየት አቴንስ ጥሩ ናት። በ2020 (እ.ኤ.አ.) በከተማዋ ኮረብታ ላይ ባለው ጥንታዊ ቅርስ በአክሮፖሊስ አዲስ ሊፍት ሲተከል ሰፋፊ የኮንክሪት መንገዶችም ፈሰሱ። ኃላፊዎቹ በኮንክሪቱና በዐለቱ መካከል መለያ ሽፋን ስላለ ሥራው ተመላሽ ነው አሉ። ስለ ዐለቱ ገጽ ክርክሩ ሊያስኬድ ይችላል። ግን በዚያው ሰሞን ከባድ ዝናብ ጥሎ ግቢው ውሃ ሲተኛበት ተቺዎች ኮንክሪቱን፣ ኃላፊዎቹ የቆየ የፍሳሽ ችግርን ወቀሱ። ማን ልክ እንደ ሆነ እዚህ አልፈርድም። ኮንክሪቱ እዚያ እስካለ ድረስ ውሃው የት እንደሚሄድ መጠየቅ ግን የተመላሽነት ጥያቄ አካል ነው፤ ሽፋን ስለ ውሃ አይመልስም። ሊፍቱ ራሱ ለኔ አያከራክርም፤ ቀድሞ በ2004 ለፓራሊምፒክ የተተከለውን የተካ ነው።

የጊዜ ጉዳይም አለ። በላሊበላ በ2008 (እ.ኤ.አ.) በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የቆሙት መጠለያዎች ሲነደፉ ተነሺ ተብለው ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ የከተማው ሕዝብ ክብደታቸው ያሰጋናል ብሎ ሰልፍ ሲወጣም አልተነሱም ነበር። ራምፕ አይደሉም፣ ግን ትምህርታቸው ለራምፕም ነው፦ ማንሻው በጀት፣ ማንሻው ክሬን፣ የሚያነሳው ቢሮ ካልተጻፈ ተነሺ የሚለው ቃል ንድፍ ላይ ይቀራል። በኛ ቤት ሰነድ መጨረሻ ላይ ራምፑ የሚፈታበትን ቅደም ተከተል በሁለት ገጽ ጻፍን፤ ብሎኖቹ ስንት እንደ ሆኑ፣ የትኛው መጀመሪያ እንደሚፈታ ጭምር። ከመስኮቱ የወጡት አሥራ አንድ ድንጋዮች ቁጥር ተጽፎባቸው እዚያው ቤት፣ ከደረጃው ሥር ተደርድረዋል። ዘበኛው መቀመጫ አድርጎ እንዳይወስዳቸው ፎቶግራፋቸውን በላያቸው ለጥፈናል።