የሙዚየም መግለጫን ከፎቶ መተርጎም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የሠዓሊው ስም ካለበት ሥዕሉን የሣለው እሱ ነው»

ሁልጊዜ አይደለም። ፎቶ ያነሱት መግለጫ በእንግሊዝኛ «ወርክሾፕ ኦፍ ሳንድሮ ቦቲቼሊ፣ ሲ. 1490፣ ቴምፔራ ኦን ፓነል» ይላል እንበል። የመጀመሪያውን «የቦቲቼሊ አውደ ጥናት» ብሎ የሚያልፍ ሞልቷል። ሰውየው ስብሰባ የጠራ ነው የሚመስለው! የተባለው ግን የሥዕል ቤቱ ነው። በእሱ ስር የሚሠሩ ተማሪዎችና ረዳቶች የሣሉት ማለት ነው፤ እሱ ራሱ እጁን አስገብቶበት ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ስለዚህ «በቦቲቼሊ የሥዕል ቤት የተሠራ» ይበሉት።

«አትሪቢዩትድ ቱ» ከሆነ «የእሱ ሥራ እንደሆነ የሚታመን» ነው። «አፍተር» ደግሞ «ከእሱ በኋላ» አይደለም። ሌላ ሰው የእሱን ሥራ አይቶ የቀዳው ነው። ይቺን ቃል ከዘለሏት ጎብኚው ቅጂውን ዋናው ነው ብሎ ይሄዳል።

«ዓመቱ ወደ እኛ አቆጣጠር ካልተቀየረ አይገባም»

ይተዉት፣ «እ.ኤ.አ.» ብቻ ይጨምሩበት። ከዓመቱ ፊት ያለችው «ሲ» «ገደማ» ማለት ናት፤ 1490 ራሱ ግምት ነው። 7 ወይም 8 ቀንሰው 1483 ወይም 1482 ቢሉት ግምቱ የተረጋገጠ ዓመት ይመስላል። ጎብኚውም ያንን ቁጥር ግድግዳው ላይ ፈልጎ ያጣዋል።

«1400ዎቹ 14ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው»

15ኛው ነው፤ ከ1401 እስከ 1500 ያለው። በተለይ «ኳትሮቼንቶ» የሚል ካዩ ይጠንቀቁ። የጣልያንኛው ቃል «አራት መቶ» ስለሚል ብዙዎች 4ኛው ወይም 14ኛው ክፍለ ዘመን ያደርጉታል። ሺው ተትቶ ነው እንጂ 1400ዎቹን ነው የሚለው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከሆነ ቆጠራው ወደ ኋላ ይሄዳል፦ 5ኛው ክፍለ ዘመን ከ500 እስከ 401 ነው።

«ሙያዊ ቃል በፊደላችን ከተጻፈ ተተረጎመ ማለት ነው»

«ቴምፔራ በፓነል ላይ» ለማያውቀው ሰው ምንም አይነግረውም። «በእንቁላል አስኳል በተለወሰ ቀለም፣ በእንጨት ገበታ ላይ» ሲሉት ግን ሥዕሉን ጠጋ ብሎ ያየዋል። እንደ «ባሮክ» ያለ የዘመን ስም ግን እንዳለ ይቆይ፤ ክፍለ ዘመኑን አጠገቡ ማስቀመጥ ይበቃል።

«ፎቶው ከጠራ ቁጥሩን ማመን ይቻላል»

መስታወት ላይ ያረፈ የመብራት ነጸብራቅ 4ን 7 ሊያስመስል ይችላል። 1790 ብለው ካነበቡ ከሠዓሊው ዕድሜ ጋር ያስተያዩት። ቦቲቼሊ የሞተው በ1510 ነው፤ በ1790 የሥዕል ቤት ሊኖረው አይችልም። ታች ጥግ ላይ ነጥብ የበዛበት ቁጥር ካለ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሙዚየሙ የመዝገብ ቁጥር ነው። በዓመት ቢጀምርም ሥዕሉ የተሣለበት ዓመት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ወደ ሙዚየሙ የገባበት ነው።