ሬድ-ኤስ ምንድን ነው?

ሬድ-ኤስ ማለት አንድ ስፖርተኛ የሚበላው ምግብ ልምምዱን ችሎ ለሰውነቱ የሚተርፈው ሲያንስ የሚመጣ ችግር ነው። ስሙን በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ነው።

አንዲት የ16 ዓመት ሯጭ እንውሰድ። ክብደቷ 48 ኪሎ ነው፤ ስቡ ሲወጣለት 40 ኪሎ ይቀራል እንበል። ጠዋት 12 ኪሎ ሜትር ስትሮጥ ወደ 580 ካሎሪ ታቃጥላለች። «ቀለል ካልኩ እፈጥናለሁ» ብላ ቁርስ ትታለች፣ እራትም ቀንሳለች። ቀኑን ሙሉ የምትበላው 1,500 ካሎሪ ብቻ ነው። ሩጫው የወሰደው ሲቀነስ 920 ይቀራል። ለ40 ኪሎ ስናካፍለው ለአንድ ኪሎ 23 ይደርሳል። ጤናማው 45 አካባቢ ነው፤ ከ30 በታች ሲወርድ ያሰጋል። መስመሩ ለሁሉም እኩል አይሠራም፤ ገና እያደገች ያለች ልጅ ደግሞ ለዕድገቷም ትፈልጋለች።

ሰውነት ሲጎድልበት የሚቆጥበው ለዛሬ የማያስፈልገውን ነው። የወር አበባ ይዛባል፣ ይቀራል። አጥንት መገንባቱ ይዘገያል፤ አጥንት በብዛት የሚገነባው ደግሞ በጉርምስና ዕድሜ ነው። ወንዶች ልጆችም አያመልጡም፤ የእነሱ ምልክት ግን ቶሎ አይታይም። ገና እያደገ ያለ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሱሪው ካላጠረው፣ ለምን ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

እኔን የሚያስፈራኝ መጀመሪያው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰዓቷ ሊሻሻል ይችላል፤ አሠልጣኙም «ጎበዝ» ይላታል። ከዚያ እግሯ ይከብዳል፣ ጉንፋን አይለቃትም፣ እንቅልፍ ይነሳታል። ሚዛን ላይ አትታመኑ። ሰውነቷ ቁጠባ ስለገባ ኪሎዋ ባለበት ሊቆም ይችላል፤ እሷ ግን አሁንም ምግብ ትቀንሳለች።

ቅልጥሟን ካመማት በጣት ጫፍ ትጫነው። ሕመሙ አንዲት ነጥብ ላይ ከሆነ፣ በተለይ ቁጭ ስትልም የሚጠዘጥዛት ከሆነ፣ አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ሩጫውን አቁማ ሐኪም ትይ። የወር አበባዋ ለሦስት ወር ከቀረም እንዲሁ። «ሯጭ ስለሆንሽ ነው፣ ያለ ነው» የሚላትን አትስማ።

ለአንድ ኪሎ 45 እንዲደርሳት የጎደላት ወደ 880 ካሎሪ ነው። ብዙ ይመስላል እንጂ አይደለም። 100 ግራም በሶ ወደ 370 ይሰጣል። ሁለት እፍኝ ለውዝ፣ 50 ግራም ገደማ፣ 280 ነው። አንድ ብርጭቆ ወተት 150፣ አንድ ሙዝ 100። በጾም ወቅት ወተቱ በለውዝ ይተካል። ሰዓቱም ወሳኝ ነው፤ ጠዋት ሮጣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዷን ከዋለች ማታ አብዝታ ብትበላም ጉዳቱ ላይካስ ይችላል። በጾም ቀናት ከባዱን ልምምድ ወደ ማታ፣ ከምግቡ ኋላ፣ ማዞር ይቻላል። በሌላው ቀን ጭብጦውን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ትውጣ፤ ጫማዋን ሳታወልቅ ትብላው።