የክፍል ጓደኛ ሪፖርት ላይ አስተያየት መስጠት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«እንዳይቀየመኝ ‹አሪፍ ነው፣ በርታ› ብዬ ባልፈው ይሻላል።»

አንተ ብታልፈው መምህሩ አያልፈውም። የሲቪል ምሕንድስና ተማሪዎች በየዓመቱ የሚሠሩትን የኮንክሪት ላብ እንውሰድ። ግሩፑ ኮንክሪት አቡክቶ በየጎኑ 150 ሚሊ ሜትር የሆኑ ኪዩቦች ይሞላል። ግማሾቹን በ7ኛው ቀን፣ የቀሩትን በ28ኛው ቀን ይሰብራል። ሪፖርቱን ግን ተከፋፍለው ነው የሚጽፉት። የውጤቱ ክፍል የደረሰው ልጅ «የ7 ቀን አማካይ ጥንካሬ 21.8 ሜጋ ፓስካል ስለሆነ ኮንክሪቱ ሲ-25ን አላሟላም» ብሎ ደምድሟል እንበል።

ሲ-25 የሚባለው የኮንክሪት ደረጃ የሚጠይቀው 25 ሜጋ ፓስካል የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። ኮንክሪት በ7 ቀን የሚደርሰው በግምት የ28 ቀን ጥንካሬውን ሁለት ሦስተኛ ነው። ስለዚህ 21.8 ለ7 ቀን ደካማ ቁጥር አይደለም። «በርታ» ተብሎ የታለፈ ልጅ ይህን የሚሰማው ፕረዘንቴሽን ላይ፣ ክፍሉ ሁሉ እያየው ነው። ለሱ የሚበጀው እንዲህ ያለ ማስታወሻ ነው፦

«ሰላም ወንድሜ፤ የውጤቱን ክፍል አየሁት። የእያንዳንዱን ኪዩብ ስሌት ከነክፍለ ስፋቱ ማሳየትህ ለመከታተል በጣም ቀሎኛል። አንድ ነገር ግን መደምደሚያው ላይ አለ፤ የ7 ቀኑን ውጤት ከ25 ጋር በቀጥታ አወዳድረኸዋል። የ28 ቀን ኪዩቦቹ ገና ውኃ ውስጥ ናቸው። ‹አላሟላም› ከማለት ‹የ28 ቀን ውጤቱ ይጠበቃል› ብትለው ምን ይመስልሃል? ሲሚንቶው ኦፒሲ ይሁን ፒፒሲ ብትጠቅስም ጥሩ ነው፤ ፒፒሲ መጀመሪያ ላይ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው።»

ምስጋናው ራሱ ስለ አንድ የተለየ ነገር ነው። ልጁ በሚቀጥለው ክፍል ምኑን መድገም እንዳለበት ያውቃል።

«አስተያየት ማለት ፊደልና ሰዋስው ማረም ነው።»

የፊደል ግድፈት መጨረሻ ላይ ይደርሳል። መጀመሪያ መታየት ያለበት ሠንጠረዡ ነው። የ7ኛው ቀን ሦስቱ ኪዩቦች የተሰበሩት በ540፣ በ549 እና በ380 ኪሎ ኒውተን ነው። ለ22,500 ካሬ ሚሊ ሜትር ሲካፈሉ 24.0፣ 24.4 እና 16.9 ሜጋ ፓስካል ይሰጣሉ። አማካያቸው 21.8 መሆኑ ልክ ነው፤ ስሌቱ ላይ ምንም ችግር የለም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ሁለቱ ኪዩቦች ሊገጣጠሙ ምንም አልቀራቸውም፣ ሦስተኛው ግን በጣም ርቋል። አማካዩን ብቻ የሚያነብ ሰው ይህን አያይም።

«ሦስተኛው ኪዩብ ለምን ዝቅ አለ?» የሚለው ጥያቄ ከሃያ የፊደል እርማት ይበልጣል። ጓደኛህ ወዴት እንደሚመለከትም ጠቁመው። በትክክል የተሰበረ ኪዩብ አራቱም የጎን ፊቶቹ ተመጣጣኝ በሆነ መልኩ ይሰነጠቃሉ፤ ማሽኑ የነካቸው የላይና የታች ፊቶች ብዙም አይጎዱም። አንድ ጎን ብቻ ከተገነጠለ ጭነቱ እኩል አላረፈም ማለት ሊሆን ይችላል። ምናልባት ሲሞላ ከላይ በግንበኛ ማንኪያ የተስተካከለው ሸካራ ፊት ወደ ጎን መሆን ሲገባው ማሽኑ ሥር ገብቷል። ስብርባሪው ውስጥ ክፍተት ከታየ ደግሞ ኮንክሪቱ ሲሞላ በደንብ አልተጠቀጠቀም። ፎቶ ካለው መልሱ እዚያ ላይ ሊገኝ ይችላል።

«የማይመስል ቁጥር ካለ አውጣው ብለው በቃ።»

ይህ ለጓደኛህ ችግር ማውረስ ነው። 16.9 ቢወጣ አማካዩ 24.2 ይሆናል፤ ያምራል። ግን ያለ ምክንያት የተሰረዘ ውጤት መረጃ መደበቅ ነው፣ ላብ ደብተሩ ላይም 380 ተጽፎ ይጠብቃል። ሦስቱም ሠንጠረዡ ላይ ይቆዩ፤ የተጠረጠረው ምክንያት ከሥር ይጻፍ። ምክንያት ካልተገኘም «ምክንያቱ አልታወቀም» ብሎ መጻፍ ይቻላል።

«እኔው ብጽፍለት ይፈጥናል።»

ይፈጥናል፤ ግን ሲጠየቅ የሚመልሰው እሱ ነው። ቦታውንና ምክንያቱን ንገረው፣ ብዕሩን ለሱ ተውለት። ልዩነቱ ያንተንም ክፍል የሚነካ ከሆነ ግን አብራችሁ ተቀመጡ። ለምሳሌ አንተ የአሠራሩ ክፍል ላይ የውኃና ሲሚንቶ ምጣኔውን 0.50 ብለህ እሱ ትንታኔው ላይ 0.55 ካለ፣ ማን እንደተሳሳተ ከመወሰን በፊት ሁለታችሁም የሚዛኑን መዝገብ ክፈቱ።

«ግሩፑ ቴሌግራም ላይ ብለጥፈው ሁሉም ይማርበታል።»

መጀመሪያ ለብቻው ላክለት። እሱም ቢሆን ከማስረከቢያው ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ይሁን፤ ፎቶውን ፈልጎ፣ ላብ ረዳቱን ጠይቆ፣ አንቀጹን እንደገና የሚጽፍበት ጊዜ ያስፈልገዋል። ምጣኔውን የመሰለ ሁሉንም የሚመለከት ጉዳይ ካለ፣ ሁለታችሁ ከተስማማችሁ በኋላ እሱው ራሱ ለግሩፑ ያሳውቅ።