ዲስክሪሚናንቱ ኔጌቲቭ ሲወጣ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«b² − 4ac ኔጌቲቭ ከወጣ መልስ የለውም፤ እዚያው ማቆም ነው።»

የሌለው በሪል ቁጥሮች ውስጥ ነው። x² − 4x + 13 = 0ን እንውሰድ። ዲስክሪሚናንቱ 16 − 52 = −36 ነው። የዚህ ስኩዌር ሩት 6i ስለሆነ x = (4 ± 6i)/2፣ ማለትም 2 ± 3i ይሆናል። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ማካፈሉ ላይ ነው፤ 4ቱን ለ2 አካፍሎ 6ቱን ይረሳውና 2 ± 6i ብሎ ይጽፋል። ሁለቱን ሩቶች ብትደምሩ 4፣ ብታባዙ 13 መምጣት አለበት። በ2 ± 6i ድምሩ ልክ ይመጣል፤ ብዜቱ ግን 4 + 36 = 40 ይሆናል። ስለዚህ መደመር ብቻውን አይበቃም፤ አባዙት።

«ሩቶቹ 2 + 3i እና 2 − 3i ከሆኑ ግራፉ በ(2, 3) እና በ(2, −3) ያልፋል።»

x = 2ን በy = x² − 4x + 13 ውስጥ አስገቡ፤ የሚመጣው y = 9 ነው። ችግሩ ሁለት የተለያዩ ሥዕሎች መደባለቃቸው ነው። ፓራቦላው በተሳለበት ፕሌን ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው ዘንግ የy ዋጋ የሚነበብበት ነው። በኮምፕሌክስ ፕሌን ላይ ግን የቆመው ዘንግ የራሱ የx ኢማጂናሪ ክፍል ነው፤ y እዚያ ቦታ የለውም።

ሥዕሎቹ ግን ይዛመዳሉ፤ ለእኔ ከትምህርቱ ሁሉ ደስ የሚለው ይህ ነው። ኢኩዌሽኑን (x − 2)² + 9 = 0 ብላችሁ ጻፉት። የፓራቦላው ዝቅተኛ ነጥብ (2, 9) ላይ ነው፤ ከx ዘንግ በላይ ስለቀረ ዘንጉን አይነካም። አሁን ያንን ነጥብ ሳታነቃንቁ ፓራቦላውን ወደ ታች ገልብጡት። y = 9 − (x − 2)² ይሆንና ዘንጉን በ−1 እና በ5 ይቆርጣል፤ ሁለቱም ከ2 በ3 ይርቃሉ። እነዚህን ሁለት ነጥቦች በኮምፕሌክስ ፕሌን ላይ አስቀምጡና 2ን መሐል አድርጋችሁ 90 ዲግሪ አዙሯቸው። የሚያርፉት 2 + 3i እና 2 − 3i ላይ ነው። ሪል ክፍሉ 2 የፓራቦላው መሐል የት እንዳለ ይነግረናል፤ 3ቱ ደግሞ የከፍታው የ9 ስኩዌር ሩት ነው።

ይህ ከፍታውን የማንበብ ዘዴ በቀጥታ የሚሠራው የx² ኮኤፊሸንት 1 ሲሆን ነው። 2x² − 8x + 26 = 0 ያው 2 ± 3i ሩቶች አሉት፤ የዝቅተኛው ነጥብ ከፍታ ግን 18 ነው። መጀመሪያ ለ2 ማካፈል ያስፈልጋል።

«ሁለቱ ሩቶች ሁልጊዜ ኮንጁጌት ናቸው።»

ኮኤፊሸንቶቹ በሙሉ ሪል ከሆኑና ዲስክሪሚናንቱ ኔጌቲቭ ከሆነ፣ አዎ፤ አንዱ ሩት ከሪል ዘንግ በላይ፣ ሌላው ልክ ከሥሩ በመስታወት እንደሚታይ ሆኖ ይቀመጣል። i ኮኤፊሸንቶቹ ውስጥ ሲገባ ግን ይህ ሊፈርስ ይችላል። x² = 2i ሩቶቹ 1 + i እና −1 − i ናቸው፤ የሚተያዩት በሪል ዘንግ ሳይሆን በዜሮ በኩል ነው። የ1 + i ኮንጁጌት 1 − i ነው፤ እሱ ስኩዌር ሲደረግ −2i ይሰጣል።