ከሥር ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ፦ የአዲስ አበባ ቅይጥ ሕንፃዎች

ቅይጥ ሕንፃ የሚባለው ግራውንዱ ለንግድ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ወለሎች ለመኖሪያ የተመደቡበት ነው። በአዲስ አበባ ሰው በብዛት የሚያውቀው በኮንዶሚኒየም መልኩ ነው፤ የላይኞቹ ቤቶች በዕጣ ሲተላለፉ የሥሮቹ ንግድ ቤቶች በጨረታ ተሽጠዋል። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ባለሱቁም ነዋሪውም የየራሳቸው ቤት ባለቤት ናቸው፤ የጋራ የሆነው የሕንፃው ክፍል ደግሞ የሁሉም ነው። ጭቅጭቁ የሚነሣውም አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የጋራ ክፍል ነው።

መግቢያውን መለየት ቀላሉ ሥራ ነው። በኮንዶሚኒየም ሱቆቹ ፊታቸውን ወደ መንገድ ያዞራሉ፣ ነዋሪው በግቢው በኩል ደረጃውን ይወጣል። በግል አልሚዎች አፓርታማ ግን ንግዱ አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ሲወጣ የካፌው ደንበኛና ነዋሪው አንድ ሊፍት ይጠብቃሉ፤ ጥበቃውም ማን እንግዳ፣ ማን ገበያተኛ እንደሆነ መለየት ያቅተዋል። ቦታው ማዕዘን ላይ ከሆነ የነዋሪውን በር በውስጥ መንገዱ በኩል አድርጎ ለንግዱ ወለሎች የራሳቸውን ደረጃ መስጠት ይሻላል።

ከበሩ ይልቅ የሚያስቸግረው የማይታየው ቱቦ ነው። የየፎቁ የመጸዳጃና የኩሽና ፍሳሽ በአንድ ቁም ቱቦ ይወርዳል። ሱቁ መሐል ላይ ቱቦ እንዳይቆም ሲባል በኮርኒሱ ውስጥ አግድም ይጠመዘዝና ወደ ማንሆል ይወጣል። ቅባትና ጨርቅ የሚጠራቀመው ጥምዝዙ ላይ ነው። የግራውንዱ ካፌ መታጠቢያ ከዚሁ መስመር ጋር ከተገናኘ፣ ከታች ሲደፈን ከአራተኛ ፎቅ የተለቀቀው ውኃ በካፌው መታጠቢያ ገንፍሎ ይወጣል። ካፌው ቧንቧ ሳይከፍት መታጠቢያው ከሞላ ምክንያቱ ይኸው ነው። ስለዚህ የግራውንዱ ፍሳሽ ለብቻው ወደ ማንሆሉ መድረስ አለበት፤ ምግብ ቤት ካለም መጀመሪያ በቅባት ማጥመጃ ጉድጓድ ማለፍ ይኖርበታል። የኩሽናው ጭስ ማውጫም እስከ ጣሪያ የሚደርስ መስመር ከዲዛይኑ ጀምሮ ካልተተወለት መጨረሻው አንደኛ ፎቅ በረንዳ ሥር ነው።

የውኃው ነገር የሒሳብ ጉዳይ ነው። ካፌውና ነዋሪው ከአንድ ሮቶ ከቀዱ፣ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቀን ሙሉ ዕቃ የሚያጥበው ካፌ ሮቶውን ያደርቀዋል። ለንግዱ የተለየ ሮቶና ቆጣሪ ማስገባት ከዓመታት ንትርክ ይረክሳል።

ዕቃ ማራገፊያ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር ነው። የቤዝመንት ጣሪያ ለቤት መኪና ተለክቶ ስለሚሠራ ሳጥን የተገጠመለት አይሱዙ አይገባም። በዚህም የተነሣ ጁስና ዱቄት የጫነው መኪና ነዋሪው በር ላይ ይቆማል። ከጎን አንድ ማቆሚያ ቢተውለት ይበቃል፣ ሰዓቱን ደግሞ የሕንፃው ቤት ባለቤቶች ማኅበር በውስጥ ደንቡ ይወስናል። ዳቦ የሚያመጣው ግን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ካልመጣ ቁርስ አይደርስም፤ የአንደኛ ፎቅ ነዋሪ የሚነቃውም በላሜራው በር ድምፅ ነው።