«ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ስለዚህ ኮንቨርጅ ያደርጋል» እና ሌሎች የኢምፕሮፐር ኢንቴግራል ስህተቶች

«ፈንክሽኑ ወደ ዜሮ ስለሚወርድ ኢንቴግራሉ ኮንቨርጅ ያደርጋል።»

ሊያደርግ ይችላል፤ ምክንያቱ ግን ይህ አይደለም። ፈተና ባረምኩ ቁጥር ይህ ዓረፍተ ነገር ይገጥመኛል። ተማሪው ይህን ከጻፈ በኋላ ምንም አይሠራም። ስሌት የለ፣ ንጽጽር የለ፤ መልሱን አስምሮበት ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል። በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ዋናው ሥራ የሚጀምረው እሱ ባቆመበት ቦታ ነው።

እስቲ ከትርጉሙ እንነሳ። ከ1 እስከ ∞ ያለ ኢንቴግራል ስንጽፍ ∞ን እንደ ቁጥር አንተካም። መጀመሪያ አንድ ተራ ቁጥር b እንወስድና ከ1 እስከ b ያለውን ስፋት እናሰላለን። ይህንን ስፋት F(b) እንበለው። ከዚያ b እያደገ ሲሄድ F(b) ወደ አንድ የተወሰነ ቁጥር ይጠጋል ወይ ብለን እንጠይቃለን። ከተጠጋ ኢንቴግራሉ ኮንቨርጅ ያደርጋል፣ ሊሚቱም ዋጋው ነው። ካልተጠጋ ዳይቨርጅ ያደርጋል። በቃ፣ ሌላ ትርጉም የለውም።

ልብ በሉ፤ ጥያቄው የሚመለከተው የተጠራቀመውን ስፋት F(b)ን ነው። የግራፉ ከፍታ f(b) ሌላ ነገር ነው። ከፍታው ወደ ዜሮ ሲወርድ የምናውቀው F የሚያድግበት ፍጥነት እየቀነሰ መሆኑን ብቻ ነው። ፍጥነቱ እየቀነሰ የሚያድግ ነገር ደግሞ የግድ ጣሪያ አለው ማለት አይደለም።

1/x ን ውሰዱ። እዚህ F(b) = ln b ነው። ከb እስከ 2b ብንሄድ ስንት ይጨመራል? ln(2b) − ln b = ln 2፣ ማለትም 0.693 ገደማ። መልሱ ውስጥ b የለም! ከ1 እስከ 2 የተጨመረው 0.693 ነው፤ ከ1 ሚሊዮን እስከ 2 ሚሊዮን የሚጨመረውም ያው 0.693 ነው። ከፍታው በግማሽ ሲቀንስ የምንሄድበት ርቀት በእጥፍ ይጨምራል፣ ስፋቱም ባለበት ይቆያል። እጥፍ ማድረጉን ደግሞ የፈለግነውን ያህል መደጋገም እንችላለን። ስለዚህ F(b) ምንም ጣሪያ የለውም።

አሁን 1/x² ን እዩ። ከb እስከ 2b የሚጨመረው 1/(2b) ነው። መጀመሪያ 1/2፣ ቀጥሎ 1/4፣ ቀጥሎ 1/8 እያለ ይሄዳል። ድምሩ ከ1 አያልፍም፤ እውነትም F(b) = 1 − 1/b ሆኖ ሊሚቱ 1 ነው። ሁለቱም ፈንክሽኖች ወደ ዜሮ ይወርዳሉ። የሚለያዩት በሚወርዱበት ፍጥነት ነው፤ አንዱ በቂ ነው፣ ሌላው አይደለም።

ይህ የእጥፍ ፍተሻ ለራሴ ተማሪዎች ሁልጊዜ የማሳየው ነገር ነው። ከb እስከ 2b የሚጨመረው ወደ ዜሮ ካልሄደ ነገሩ አለቀ፣ ኢንቴግራሉ ዳይቨርጅ ያደርጋል። ግን በተቃራኒው አትጠቀሙበት። ወደ ዜሮ ሄደ ማለት ኮንቨርጅ አደረገ ማለት አይደለም። ለዚህ ማስረጃው 1/(x ln x) ነው።

አንድ ተማሪዬ ይህንኑ ፈንክሽን ከ2 ጀምሮ በኮምፒውተር አስልቶ መጣ። እስከ 1 ሚሊዮን 2.99 ገደማ፣ እስከ 1 ቢሊዮን 3.40 ገደማ፣ እስከ 1 ትሪሊዮን 3.69 ገደማ አግኝቷል። ጭማሪው እየቀነሰ ስለሆነ «4 አካባቢ ይቆማል» አለኝ። ቁጥሮቹ ልክ ናቸው፤ ድምዳሜው ግን ልክ አይደለም። u = ln x ብለን ብንተካ ኢንቴግራሉ የ1/u ኢንቴግራል ይሆናል፣ ውጤቱም F(b) = ln(ln b) − ln(ln 2) ነው። ይህ ወደ ∞ ይሄዳል፤ ነገር ግን እጅግ በዝግታ ነው። b ን 10¹⁰⁰ ብናደርገው እንኳ F(b) 5.8 ገደማ ብቻ ነው። የትኛውም ኮምፒውተር እየደመረ ሄዶ ይህን ዳይቨርጀንስ በዓይናችን ሊያሳየን አይችልም።

ጎረቤቱ 1/(x (ln x)²) ደግሞ ኮንቨርጅ ያደርጋል፤ ከ2 ጀምሮ ዋጋው 1/ln 2፣ ማለትም 1.4427 ገደማ ነው። እሱም ቢሆን የሚጠጋው በዝግታ ነው፤ እስከ 1 ሚሊዮን ሲሰላ 1.370፣ እስከ 1 ቢሊዮን ሲሰላ 1.394 ገደማ ላይ ነው ያለው። የሁለቱን ቁጥሮች ብቻ አይቶ የቱ እንደሚቆምና የቱ እንደማይቆም በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። መለየት የሚቻለው በአልጀብራ ነው።

ስለዚህ ምን ይደረግ? አንቲዴሪቫቲቩ በቀላሉ ከተገኘ F(b)ን ጻፉና ሊሚቱን ውሰዱ። ካልተገኘ x በጣም ትልቅ ሲሆን በላዕሉና በታህቱ ውስጥ የሚገነው የቱ እንደሆነ እዩ፣ ሌላውን ለጊዜው እርሱት። የቀረው 1/xᵖ የሚመስል ከሆነ መመዘኛው ይታወቃል፤ p ከ1 ከበለጠ ኮንቨርጅ ያደርጋል፣ 1 ወይም ከ1 በታች ከሆነ ዳይቨርጅ ያደርጋል። e⁻ˣ በፖሊኖሚያል ተባዝቶ ከመጣ አትጨነቁ፣ ኮንቨርጅ ያደርጋል። ግምቱን ካገኛችሁ በኋላ ደግሞ በንጽጽር አረጋግጡት። ግምት ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው ስህተት የሚመጣው።

«ከ1/x ያንሳል። 1/x ደግሞ ዳይቨርጅ ያደርጋል። ስለዚህ ይሄም ዳይቨርጅ ያደርጋል።»

1/x² ም ከ1 በኋላ ከ1/x ያንሳል፣ ኮንቨርጅ ግን ያደርጋል። ዳይቨርጅ ከሚያደርግ ነገር ማነስ ምንም አይነግረንም፤ ኮንቨርጅ ከሚያደርግ ነገር መብለጥም እንደዚያው። ፈንክሽኖቹ ፖዘቲቭ ሲሆኑ የሚጠቅሙት ሁለት አቅጣጫዎች ብቻ ናቸው፦ ኮንቨርጅ ከሚያደርግ ማነስ ወይም ዳይቨርጅ ከሚያደርግ መብለጥ።

አንድ ምሳሌ አብረን እንሥራ፤ ከ1 እስከ ∞ ያለውን የ x/√(x⁴+1) ኢንቴግራል። x ትልቅ ሲሆን 1 ከx⁴ ጎን ኢምንት ነው፣ ስለዚህ ታህቱ x² ን ይመስላል። ጠቅላላው 1/x ን መሰለ፤ ግምታችን ዳይቨርጅ ያደርጋል የሚል ነው። ነገር ግን √(x⁴+1) ከx² ስለሚበልጥ ፈንክሽናችን ከ1/x ያንሳል። የማይጠቅመው አቅጣጫ ላይ ወደቅን። እዚህ ጋ ሲደርሱ አንዳንዶቹ ከላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ። መልሳቸው በአጋጣሚ ትክክል ነው፣ ማስረጃቸው ግን ዋጋ የለውም፤ እኔም ነጥብ አልሰጥበትም። ሌሎቹ «አይታወቅም» ብለው ይተዉታል።

መፍትሔው ከታች የሚደግፍ ነገር መፈለግ ነው። x ≥ 1 ሲሆን 1 ≤ x⁴ ነው። ስለዚህ x⁴+1 ≤ 2x⁴፣ ሥሩን ስንወስድ √(x⁴+1) ≤ √2·x²። ታህቱን በሚበልጠው ቁጥር ስንተካው ክፍልፋዩ ያንሳል፦

x/√(x⁴+1) ≥ 1/(√2·x)

በቀኝ ያለው 1/x በቋሚ ቁጥር ተባዝቶ ነው፣ ዳይቨርጅ ያደርጋል። የኛው ደግሞ ከእሱ አያንስም። ተረጋገጠ። እንዲህ ዓይነት ወሰን መፈለግ ከከበዳችሁ የሁለቱን ሬሾ ውሰዱ፤ ፈንክሽኑን ለ1/x ስናካፍል x²/√(x⁴+1) እናገኛለን፣ ሊሚቱም 1 ነው። ሁለቱ ፈንክሽኖች ፖዘቲቭ ሆነው የሬሾው ሊሚት ከዜሮ የሚበልጥ የተወሰነ ቁጥር ከሆነ ዕጣቸው አንድ ነው። ታህቱን ወደ √(x⁵+1) ብንቀይረው ፈንክሽኑ 1/x^(3/2) ን ይመስላል፣ ከእሱም ያንሳል፣ ያለ ምንም ችግር ኮንቨርጅ ያደርጋል።

«ኢንቴግራሉ ኮንቨርጅ ካደረገ ፈንክሽኑ ወደ ዜሮ መሄዱ የግድ ነው።»

ይህም አይሠራም። ሌላ ቦታ ሁሉ ዜሮ የሆነ፣ በየሙሉ ቁጥሩ n ላይ ግን ቁመቱ 1፣ መሠረቱ 1/n² የሆነ ቀጭን ሦስት ማዕዘን ያለው ግራፍ ሳሉ። የእያንዳንዱ ስፋት 1/(2n²) ነው፣ ድምሩም π²/12። ፈንክሽኑ ግን ለዘላለም ወደ 1 እየተመለሰ ይወጣል። እውነት የሚሆነው ይህ ነው፦ ፈንክሽኑ ሊሚት ካለው፣ ሊሚቱ ዜሮ መሆን አለበት።

«ዳይቨርጅ ማለት ኢንፊኒቲ ይሆናል ማለት ነው።»

የcos x ኢንቴግራል ከ0 እስከ b ሲሰላ sin b ነው፤ በ−1 እና በ1 መካከል ሲመላለስ ይኖራል፣ ሊሚትም የለውም። ይህም ዳይቨርጅ ነው።

«1/x² ከ0 እስከ ∞ ኮንቨርጅ ያደርጋል፣ p = 2 ነዋ!»

የp መመዘኛው የሚሠራው ከዜሮ በላይ ከሆነ ቁጥር ስንነሳ ነው። እዚህ ዜሮ ጋ ሌላ ችግር አለ። 1 ላይ ቁረጡት፤ የቀኙ ክፍል 1 ነው፣ የግራው ዳይቨርጅ ያደርጋል፣ ስለዚህ ጠቅላላው ዳይቨርጅ ያደርጋል።

«ኦድ ፈንክሽን ስለሆነ ከ−∞ እስከ ∞ ያለው ኢንቴግራል ዜሮ ነው። ግራና ቀኙ ይጣፋል።»

ይህን ያስተማሪ ማስታወሻ ላይም አይቻለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። 2x/(1+x²) ን እንሞክር። አንቲዴሪቫቲቩ ln(1+x²) ነው። ከ−a እስከ a ብናሰላ እውነትም ሁልጊዜ ዜሮ ነው። አሁን ከ−a እስከ 2a አስሉት፤ ln((1+4a²)/(1+a²)) ይሆናል፣ a ሲያድግ ወደ ln 4፣ ማለትም ወደ 1.386 ገደማ ይሄዳል። ሁለቱም ጫፎች ወደ ∞ እየሄዱ ነው፣ መልሱ ግን ተለወጠ። የቀኙን ጫፍ በ3a ብንተካ ደግሞ ln 9 ይሆናል። እንደ አካሄዳችን የሚለዋወጥ ነገር የኢንቴግራሉ ዋጋ ሊሆን አይችልም።

ለዚህ ነው ትርጉሙ ሁለት ነጻ ሊሚቶችን የሚጠይቀው። 0 ላይ እንቆርጠዋለን፣ ግራውንና ቀኙን ለየብቻ እናያለን፣ ሁለቱም ኮንቨርጅ ካደረጉ ብቻ እንደምራለን። እዚህ የቀኙ ክፍል ln(1+b²) ነው፣ ወደ ∞ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሥራው እዚያው ያበቃል። ከ−a እስከ a እኩል እየሄዱ የሚገኘው ዜሮ ኮሺ ፕሪንሲፓል ቫሊዩ የሚባለው ነው። የራሱ ጥቅም አለው፣ ጥያቄው ኮንቨርጅ ያደርጋል ወይ ሲል ግን መልስ አይሆንም። x·e^(−x²) ላይ ስንሆን የቀኙ ክፍል 1/2፣ የግራው −1/2 ሆነው ሁለቱም ኮንቨርጅ ስለሚያደርጉ፣ ዜሮ ብሎ መጻፍ ይቻላል።